ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ውስጥ እንዴት ያልፋል? የ50 ደቂቃ ትምህርት ዝርዝር

ለህንፃ ግንባታ 2ኛ ዓመት ተማሪዎች፣ ኮምቦልቻ

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ አንድ ሜትር ቆርቆሮ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አልሙኒየም ፎይል፣ ዕጣን፣ ቴርሞሜትር።

መነሻ ጥያቄ (5 ደቂቃ)

ኮምቦልቻ ከባህር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። አንድ ዓይነት ጣሪያ (ቆርቆሮ፣ ሞራሌ፣ ክፍተት፣ የ8 ሚሊ ሜትር ቺፑድ ኮርኒስ) እዚህ ቀን ያቃጥላል፣ እዚያ ሌሊት ያበርዳል። መድኃኒቱ ለሁለቱም አንድ ነው? ተማሪዎቹ መልሳቸውን ይጻፉ፤ ወረቀቱ በመጨረሻ ይታያል።

1. ኮንዳክሽን (8 ደቂቃ)

ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ ከሞቀው ወገን ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። መከላከያው R = d/k ነው፤ d ውፍረት በሜትር፣ k የቁሱ አስተላላፊነት።

- ቆርቆሮ፣ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ k = 50፦ R = 0.000008። እንደሌለ ይቆጠራል።
- ቺፑድ፣ 8 ሚሊ ሜትር፣ k = 0.12፦ R = 0.067
- የመስታወት ሱፍ፣ 50 ሚሊ ሜትር፣ k = 0.04፦ R = 1.25

«ወፍራም ቆርቆሮ ሙቀት ይከላከላል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይታረም። ወፍራም ቆርቆሮ የሚጠቅመው ለጥንካሬና ለዕድሜ ነው።

2. ራዲዬሽን (17 ደቂቃ፤ አትቸኩሉበት)

የኮምቦልቻ ቀን ጉዳይ ይህ ነው። ፀሐይ ቆርቆሮውን ታሞቀዋለች፣ ቆርቆሮው በተራው ወደ ኮርኒሱ ጨረር ይለቃል። በክፍተቱ ውስጥ ያለው አየር ከላይ የሞቀ ስለሆነ ባለበት ይረጋል፤ ስለዚህ ወደ ታች የሚወርደውን ሙቀት በብዛት የሚያሻግረው ጨረር ነው።

q = εσ(T₁⁴ − T₂⁴)፣ σ = 5.67×10⁻⁸፣ ሙቀቱ በኬልቪን።

ቆርቆሮው 60 ዲግሪ (333 ኬልቪን)፣ የኮርኒሱ ጀርባ 35 ዲግሪ (308 ኬልቪን) ይሁን። ሁለቱም ገጾች 0.9 ኤሚሲቪቲ ካላቸው (የዛገ ቆርቆሮና ቺፑድ) የጋራው 0.82 ይሆናል፤ q = 153 ዋት በካሬ ሜትር። በአንዱ ገጽ ላይ 0.05 ኤሚሲቪቲ ያለው ፎይል ሲገባ የጋራው ወደ 0.05 ይወርዳል፤ በዚያው የሙቀት ልዩነት q = 9 ዋት ገደማ። ሰሌዳው ላይ በሙሉ ይሠራ፤ ተማሪው በእጁ ያሰላው አይረሳውም።

ሙከራ፦ ቆርቆሮውን ከላይ በምድጃው አሙቁ፣ ከሥሩ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እጅ ይዘርጋ፣ ከዚያ መሀል ላይ ፎይል ይግባ። ለውጡ ወዲያው ይሰማል። ምድጃው በደንብ ይታሰር፣ ቆርቆሮውን ማንም አይንካ።

በሥራ ላይ የሚበላሸው፦

- ፎይሉ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ ይገጠማል። ክፍተት ከሌለ ጨረር ሳይሆን ኮንዳክሽን ይሆናል፣ ፎይሉም አይሠራም። ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ይተው።
- የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ ላይ ይደረግና አቧራ ይሸፍነዋል። ከሞራሌው ሥር፣ ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ቢገጠም ይሻላል።

አዲስ ቆርቆሮ ስላብረቀረቀ ቀዝቃዛ ነው ማለት አይደለም፤ ፀሐይን በከፊል ቢመልስም የወሰደውን ሙቀት መልሶ በጨረር መልቀቅ ይከብደዋል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም በደንብ ይሠራል።

3. ኮንቬክሽን (15 ደቂቃ)

አሁን ወደ ደሴ ሌሊት። ከታች የሞቀው አየር ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ሥር ደርሶ ይወርዳል። ምድጃውን ወደ ታች አውርዳችሁ በዕጣን ጭስ አሳዩ።

ሙቀት ወደ ላይ ሲሄድ የሚደመሩት፦ የውስጥ ገጽ 0.10 + ቺፑድ 0.067 + ክፍተት 0.16 + የውጭ ገጽ 0.04 = 0.367፤ U = 1/0.367 = 2.725። ውስጡ 18፣ ውጭው 6 ዲግሪ ከሆነ ከ20 ካሬ ሜትር ክፍል 654 ዋት በጣሪያው ይወጣል። 50 ሚሊ ሜትር ሱፍ ኮርኒሱ ላይ ሲነጠፍ 148 ዋት።

ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮው ወደ ሰማይ ጨረር ስለሚለቅ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። የቤቱ እንፋሎት ሲያገኘው ቆርቆሮው ያልባል፣ ይንጠባጠባል፤ ቤተሰቡ ጣሪያው ያፈሰሰ ይመስለዋል፣ ሚስማሩ ሁሉ በሬንጅ ይደፈናል። እርጥብ ሱፍም መከላከያነቱን ያጣል። ስለዚህ የኮርኒሱ ስንጥቅ ይደፈን፣ ከክፈፉ ሥርና ከጣሪያው ጫፍ በወንፊት የተሸፈነ የአየር መውጫ ይተው።

ለኮምቦልቻም ይኸው መውጫ ትኩስ አየር ያስወጣል፦ Q = ρcVΔT። እዚህ የአየር ጥግግት 0.96 ነው እንጂ የባህር ጠለሉ 1.2 አይደለም፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ይሳሳታል። በሰከንድ 0.1 ሜትር ኩብ፣ በ10 ዲግሪ ልዩነት፦ 965 ዋት።

የቤት ሥራ (5 ደቂቃ)

ሀ. የመነሻው ወረቀት ይመለስ፤ መልሱ በቁጥር ይታረም።

ለ. ሠራተኛው ሱፉን ረግጦ ከ50 ወደ 20 ሚሊ ሜትር ቢያሳንሰው፣ k ሳይለወጥ U ስንት ይሆናል? (ለአስተማሪ፦ 1.15፤ ሳይረገጥ 0.62።)

ሐ. የራሳችሁን ቤት ጣሪያ ከኮርኒሱ በላይ ተመልከቱ፤ ሞራሌ፣ ክፍተትና ቀዳዳ ተለክቶ በንድፍ ይቅረብ። ኮርኒሱን ሳይሆን ሞራሌውን ብቻ ርገጡ፤ ቺፑድ ሰው አይሸከምም።