የእናታችንን ዕቃዎች እንዴት እንካፈል?

አክስቴ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ እንዲሁም ከሩቅ አገር በስልክ የምትሰማን ታናሽ ወንድማችን፣ ጥሪዬን አክብራችሁ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። እናታችን ቤቱንና የባንኩን ገንዘብ ለአራታችን እኩል ተናዛለች። ስለ ዕቃዎቿ ግን ያለችው ነገር የለም። የምፈራውም እነሱን ነው፤ ገንዘብ ይቆጠራል፣ ትዝታ ግን አይቆጠርም።

ባለፈው ሳምንት የስፌት መኪናዋን ከፈትኩት። መርፌው ላይ ሰማያዊ ክር እንደተሰካ ነው። የመዘውሩ ቀለም በመዳፏ ተፍቆ ብረቱ ወጥቷል። ያስመጣነው ገማች የዕቃው ሁሉ ዋጋ መቶ ቢሆን የስፌት መኪናው ሁለት፣ የአንገት ሐብሉ አርባ ይሆናል ብሎናል። ታዲያ ጨርቁን እየያዘች አጠገቧ ያደገችው እህቴ ሁለት ደረሰሽ ብትባል ፍትሕ ነው?

ስለዚህ ዋጋንና ፍቅርን በአንድ ሚዛን አንስፈር። እያንዳንዳችን መቶ ነጥብ እንያዝ። የዕቃዎቹን ዝርዝር ለየብቻችን ወስደን፣ ለምንወደው ብዙ፣ ግድ ለማይሰጠን ዜሮ እንጻፍ፤ ፖስታውን አሽገን ለአክስታችን እንስጥ። ለአንድ ዕቃ ብዙ ነጥብ የሰጠ ይወስደዋል። እኩል ከመጣ እስከዚያ በዋጋ ያነሰ የደረሰው ያገኛል፤ እሱም እኩል ከሆነ ዕጣ ይጣላል። ነጥቡን ሁሉ አንድ ዕቃ ላይ አውሎ ያጣ ሰው ባዶ እጁን አይቀርም፤ ማንም ነጥብ ካልሰጣቸው ዕቃዎች ቀድሞ ይመርጣል።

ዋጋው የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው። የእያንዳንዳችን ድርሻ ከመቶው ሃያ አምስት ነው። ሐብሉን ብቻ የወሰደ በአሥራ አምስት ያልፋል፤ ያ ብልጫ ከባንኩ ገንዘብ ድርሻው ተቀንሶ ለጎደለባቸው ይከፈላል። የስፌት መኪናውን ብቻ የወሰደች ሃያ ሦስት ይጨመርላታል። ስለዚህ ሐብሉን የፈለገ ስግብግብ አይባልም፣ መኪናውን የፈለገችም አትከስርም።

ፎቶዎቹና ደብዳቤዎቹ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። እነሱን መበታተን አይሆንልኝም። ሁሉንም በስካነር አንስተን ለየቤታችን ቅጂ እናድርስ፤ ዋናውን አንድ ሰው ይያዝ።

«እማዬ ለእኔ ቃል ገብታልኝ ነበር» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ራሴ አለኝ። ስለ ሰዓቷ የነገረችኝን ማንም አልሰማም፤ እናንተን እመኑኝ ብዬ ማስገደድ ስለማልፈልግ ሰዓቱን እንደ ማንኛችሁም በነጥብ እጠይቃለሁ። ቃል የተገባለት ሁሉ ታሪኩን ከነጥቡ ጎን ይጻፍልን፤ ፖስታው ሲከፈት ጮክ ብለን እናነበዋለን። ነጥቡን ባይለውጥም መስማት እፈልጋለሁ።

ባሎቻችንና ሚስቶቻችን ቅር አይበላችሁ፤ ለአንድ ልጅ አንድ ፖስታ ነው። ታናሽ ወንድማችን የአንተን ለአክስታችን በስልክ ትነግራታለህ፤ እሷ ጽፋ ታሽገዋለች።

ፖስታዎቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። እሑድ እንከፍታቸዋለን። እስከዚያ ከቤቱ አንድ ማንኪያ እንኳ አይውጣ፤ ቁልፉም አክስታችን ዘንድ ይቆያል።