የጠመኔው ምልክት

አንለይ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በጋሼ የኔነህ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በለማጅነት ሦስተኛ ወሩን እንደያዘ የሰኔ 30 ቆጠራ ደረሰ። ጋሼ የኔነህ ያስተማሩት ደንብ ጥብቅ ነበር፤ የዕቃው ካርድ በመሳቢያ ተቆልፎ ይቆያል፣ የሚከፈተውም ቆጣሪው ያገኘውን በወረቀት ካሰፈረ በኋላ ብቻ ነው። «ካርድ ያየ ሰው ዕቃውን ሳይሆን ካርዱን ይቆጥራል» ይሉ ነበር።

ሚስማሩን ከነካርቶኑ መዝኖ የካርቶኑን ክብደት ቀነሰ። ማጠፊያው አደከመው፤ ካርዱ በጥንድ የሚመዘግበውን እሱ በነጠላ ቆጥሮ ኖሮ ከቀትር በኋላ እንደገና ጀመረ።

ወደ ቆርቆሮው የደረሰው ሲመሽ ነው። ከግድግዳው ሥር ሁለት ክምር አለ፤ በላያቸው በጠመኔ «28» እና «35» ተጽፏል። ጠርዙን በጣቱ እያነሣ፣ በየአሥሩ ምልክት እያደረገ ሲቆጥር ባለ 35 የተባለው ጣቱን ከበደው። በቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ሲያድግ ውፍረቱ እንደሚቀንስ በመጀመሪያው ሳምንት ተነግሮታል፤ ለጀማሪ ግን የተገላቢጦሽ ነገር ቶሎ አይዋጥም። ተጠራጥሮ ከየክምሩ እኩል ርዝመት ያለው አንድ አንድ ቆርቆሮ በሚዛኑ ላይ አሳረፈ። የሚከብደው በእርግጥም «35» ከሚለው ጽሑፍ ሥር የነበረው ነው።

ወፍራሙን 120፣ ስሱን 280 ብሎ ጻፈ።

ካርዱ ሲከፈት ወፍራሙ 160፣ ስሱ 240 ሆኖ ተገኘ። ጋሼ የኔነህ ደምረው «ሁለቱም 400 ነው፤ ልክ ነው» አሉና ብዕራቸውን ከደኑ።

አንለይ ዝም ለማለት ከጅሎ ነበር፤ በግድግዳው ላይ ያለው ጽሕፈት የራሳቸው የጋሼ የኔነህ ነውና። ጣሪያው ባፈሰሰ ጊዜ ክምሮቹን ያዛወሩት ቀን የጻፉት መሆን አለበት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ድምሩ ቢገጥምም 40 ወፍራም ቆርቆሮ በስሱ ዋጋ ወጥቷል። ነገ ጠዋት የሚጫነው 100 ባለ 35 ደግሞ ከዚሁ ክምር ሊነሣ ነበር።»

በአንዱ ላይ የ400 ብር ልዩነት አለ፤ የወጣው 16,000 ብር ሲሆን፣ ነገ የሚወጣው 40,000 ይሆን ነበር። ጋሼ የኔነህ ወደ ሚዛኑ ሄደው ራሳቸው መዘኑ፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ ጽሕፈቱን በጋቢያቸው ጫፍ አጠፉት።

በማግሥቱ አይሱዙው መጣ። ገዢው የመጀመሪያውን ቆርቆሮ በጠርዙ አንሥቶ መዘነና ፊቱን አጨፈገገ።

«ጋሼ፣ ይሄ ቀለለሳ! ባለፈው ወር የወሰድኩት 40 እንዲህ አልነበረም።»

ጋሼ የኔነህ አንለይን ተመለከቱት፤ አንለይም መሬት መሬቱን አየ።