የሥራ ማስኬጃ ካፒታልና የዕቃ ዝውውር ዕቅድ፦ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቃችን የንግድ ዕቅድ ክፍል

ይህ ክፍል አንድ ጥያቄ ይመልሳል። ሱቁ እያተረፈ ለምን እጅ ያጥረዋል?

ባለፈው ዓመት ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ደብተር አለቀብን። ገዢው በር ላይ ነው። አከፋፋዩም ዕቃው አለው። እኛ ግን የምንከፍለው አልነበረንም። የደብተር መደርደሪያው 11 ቀን ባዶውን ከረመ። በዚያው ሰሞን ከኋላ ባለችው ዕቃ ቤት ሦስት ካርቶን የፎቶ ፍሬም፣ ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ፣ ተደራርቦ ተቀምጦ ነበር። ገንዘቡ አልጠፋም። እዚያ ካርቶን ውስጥ ነበር።

ስለዚህ የዚህ ዕቅድ ሐሳብ ብዙ መሸጥ አይደለም። ሽያጩ ባለበት ይቀጥላል ብለን፣ ሆን ብለን ምንም ዕድገት ሳንጨምር አስበናል። የምንፈልገው የተኛውን ገንዘብ መቀስቀስ ነው።

ለስሌቱ እንዲቀል ዓመቱን 360 ቀን አድርገን ቆጥረናል። የገንዘብ ቁጥሮች በሙሉ በሺህ ናቸው።

ዛሬ ያለንበት

የዓመት ሽያጫችን 3,600 ነው። የተሸጠው ዕቃ የተገዛበት ዋጋ 2,700፣ ጠቅላላ ትርፉ 900 ነው። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራትና ሌላው ወጪ በወር 50 ገደማ ይሆናል። ሁለታችን ባለቤቶች በወር 15 እናወጣለን።

የባለፉት 12 ወራት አማካይ ክምችት 675 ነው። 2,700ን ለ675 ስናካፍል ዕቃው በዓመት 4 ጊዜ ይዞራል። ማለትም አንድ ዕቃ ገብቶ እስኪሸጥ በአማካይ 90 ቀን መደርደሪያ ላይ ይቆያል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንናገር፤ እኛም ተሳስተንባቸዋልና። አንደኛ፣ ዙሩ የሚሰላው በሽያጭ ዋጋ ሳይሆን በመግዣ ዋጋ ነው። 3,600ን ለ675 ብናካፍል 5.3 ይመጣና ደህና የሆንን ይመስለናል። ሁለተኛ፣ አማካዩ የተወሰደው ከ12 የወር መጨረሻ ቆጠራዎች ነው። የሒሳብ መዝጊያችን የትምህርት ወቅት ካለፈ በኋላ፣ መደርደሪያው ሲሳሳ ነው። በዚያ ቀን ቆጠራ ብቻ ማስላት ራስን መሸንገል ነው።

ከሽያጫችን 20 በመቶው ለሁለት ትምህርት ቤቶችና ለጥቂት ቢሮዎች በዱቤ ይሄዳል። እነሱ በአማካይ በ45 ቀን ይከፍላሉ፤ ሁልጊዜ 90 ያህል ገንዘብ ሰው እጅ አለ ማለት ነው። በጠቅላላው ሽያጭ ሲመዘን 9 ቀን ነው። እኛ በበኩላችን ከአከፋፋዮች ግማሹን በእጅ በእጅ፣ ግማሹን በ30 ቀን ዱቤ እንወስዳለን። አማካዩ 15 ቀን ነው።

ሲደመር፦ 90 ቀን መደርደሪያ ላይ፣ 9 ቀን ሰው እጅ፣ ሲቀነስ 15 ቀን የአከፋፋይ ትዕግሥት። ዛሬ የከፈልናት ገንዘብ ተመልሳ ኪሳችን የምትገባው ከ84 ቀን በኋላ ነው። ኪራይ ግን በየ30 ቀኑ ይመጣል።

የትኛው ዕቃ ነው ገንዘቡን የያዘው?

| የዕቃ ዓይነት | ሽያጭ | የመግዣ ዋጋ | አማካይ ክምችት | ዙር በዓመት | የሚፈለገው ክምችት |
|---|---|---|---|---|---|
| ደብተርና ወረቀት | 1,500 | 1,200 | 200 | 6 | 150 |
| እስክሪብቶ፣ እርሳስና ጥቃቅን | 850 | 600 | 100 | 6 | 75 |
| የትምህርት ቤት ቦርሳ | 630 | 450 | 150 | 3 | 110 |
| የፕሪንተር ቀለምና ካልኩሌተር | 420 | 330 | 110 | 3 | 75 |
| የስጦታ ዕቃና ፍሬም | 200 | 120 | 115 | 1 | 40 |
| ድምር | 3,600 | 2,700 | 675 | 4 | 450 |

የስጦታ ዕቃ ሁሌም ያጓጓን ነበር። ከ100 ሽያጭ 40 ይተርፋል፤ ከደብተር ግን 20 ብቻ። ታዲያ ፍሬም አይሻልም? አይሻልም። ደብተር ላይ የተኛ 1 በዓመት 1.50 ጠቅላላ ትርፍ ያመጣል። ስጦታ ላይ የተኛ 1 የሚያመጣው 0.70 ነው። እስክሪብቶና እርሳስ፣ ማንም የማይመለከታቸው፣ 2.50 ያመጣሉ። ትርፍ በአንዱ ዕቃ ላይ ሳይሆን በታሰረው ገንዘብ ላይ ሲለካ ሥዕሉ ይገለበጣል። ፍሬሞቹን የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ በማንም አላመካኝም።

ግባችን አማካይ ክምችቱን ከ675 ወደ 450 ማውረድ ነው። ዙሩ ከ4 ወደ 6 ይወጣል፣ ቆይታው ከ90 ወደ 60 ቀን ይወርዳል። ከዚያ በላይ አንመኝም። ለእኛ ዓይነት ሱቅ ዙሩን 10 ለማድረስ መሞከር ገዢውን "አልቋል" እያሉ መሸኘት ነው፤ ያኛው ጉዳት ደግሞ በመዝገብ ላይ አይታይም።

እንዴት እንወርዳለን

ይህ ሲጻፍ የቆጠራው ክምችት 665 ነው። ለትምህርት ወቅት ዋናው ግዢ የሚጀመረው ከ5 ወር በኋላ ነው። በተራ ወር የምንሸጠው ዕቃ በመግዣ ዋጋ 180 ነው። በእነዚህ 5 ወራት በወር 135 ብቻ እንገዛለን። በወር 45 ሲቀንስ ክምችቱ በ225 ወርዶ 440 ይደርሳል። ገንዘቡ የሚወጣው እንዲህ ቀስ ብሎ እንጂ በአንድ ጀንበር አይደለም።

ቅነሳው በሁሉም ላይ እኩል አይደለም። ከስጦታ ዕቃው 34 የሚያህለው ከ9 ወር በላይ አልተነካም። እሱን ከመግዣው 30 በመቶ ዝቅ አድርገን እናወጣዋለን፤ 24 ያህል እናገኛለን። 10 መክሰር ያማል። ግን 24ቱ እስክሪብቶ ላይ ቢውል በዓመት 60 ጠቅላላ ትርፍ ያመጣል። እዚያው ቢተኛ አቧራ ነው የሚያመጣው። የተቀሩት ሲሸጡ ምትክ የሚገዛላቸው ከ40 እንዳይበልጡ ተጠንቅቀን ነው።

ቦርሳ ላይ ከአከፋፋዩ ጋር የተነጋገርነው አለ። ወቅቱ ሲያልፍ ያልተሸጠውን እስከ አንድ አምስተኛው ድረስ መልሶ ይወስዳል፤ በምትኩ ዋጋው ጥቂት ከፍ ይላል። ተቀብለነዋል።

የፕሪንተር ቀለም ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ፈላጊው ጥቂት ነው። በወር ከሁለት በታች የሚሸጠውን ዓይነት ሱቅ ውስጥ አናስቀምጥም። ደንበኛ ሲጠይቅ ቀብድ ተቀብለን በሁለት ቀን እናመጣለን።

መቼ ይታዘዛል?

እስከ ዛሬ የምናዝዘው መደርደሪያው ባዶ ሲመስለን ነበር። ከአሁን በኋላ በቁጥር ነው። ዋናውን ደብተር እንውሰድ። በተራ ቀን 2 ደርዘን ይሸጣል። ዕቃው ታዞ እስኪደርስ 7 ቀን ይፈጃል፣ ሲዘገይ ግን 12 ቀን ደርሶ ያውቃል። ለ7ቱ ቀን 14 ደርዘን፣ ለመዘግየቱ 5 ቀን ደግሞ 10 ደርዘን። ስለዚህ 24 ደርዘን ሲቀር ይታዘዛል።

ይህን ለማስታወስ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ከታች 24 ደርዘን ተደርድሮ በላዩ ቀይ ካርድ ይቀመጣል፣ የተቀረው ከካርዱ በላይ ይደረደራል። ካርዱ የወጣለት ሻጭ ካሽ መመዝገቢያው አጠገብ ይሰቅለዋል። ማታ የተሰቀለ ካርድ ካለ በማግሥቱ ጠዋት ትእዛዝ ይሄዳል። በትምህርት ወቅት በቀን 6 ደርዘን ስለሚሸጥ ካርዱ ወደ 72 ደርዘን ከፍ ይላል። ከፍ የሚለው ወቅቱ ከመጀመሩ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፤ ወቅቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረውም ይወርዳል። ባለፈው ዓመት ግዢውን በጊዜ መቀነስ ረስተን ነው ጥቅል ወረቀት ታቅፈን የቀረነው።

የወር መጨረሻ ቆጠራ ብቻውን ለሁሉም ዕቃ አይበቃም። ደብተርና እስክሪብቶ በየሳምንቱ፣ ሌላው በወር አንዴ ይቆጠራል።

የአራቱ ከባድ ወራት ገንዘብ

ሁለቱ የትምህርት ወራት እያንዳንዳቸው 600 ይሸጣሉ፤ ሌሎቹ አሥሩ 240፣ 240። ችግሩ ዕቃው የሚገዛው ሽያጩ ሳይመጣ መሆኑ ነው። በቅድመ ወቅቱ ወር 520፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት 380፣ 120 እና 150 እንገዛለን። አከፋፋዮች የዱቤ ቀኑን ያረዝሙልን ይሆናል ብለን አላሰብንም። በያዝነው ውል፣ ግማሽ በእጅ ግማሽ በ30 ቀን፣ ነው የሠራነው። ከደንበኞች በኩል ትምህርት ቤቶቹ በ30 ቀን ለመክፈል በጽሑፍ ተስማምተዋል፤ ቢሮዎቹም በዚያው ቀን ካልከፈሉ ቀጣይ ዱቤ እንደማይሰጣቸው ተነግሯቸዋል።

| | ቅድመ ወቅት | ወቅት፣ 1ኛ ወር | ወቅት፣ 2ኛ ወር | ከወቅት በኋላ |
|---|---|---|---|---|
| መነሻ ገንዘብ | 120 | 77 | 80 | 242 |
| ከሽያጭና ከዱቤ የገባ | 240 | 528 | 600 | 312 |
| ለአከፋፋዮች የተከፈለ | 328 | 450 | 250 | 135 |
| ወጪና የባለቤቶች ድርሻ | 65 | 75 | 75 | 65 |
| ብድር | +110 | 0 | −113 | 0 |
| መዝጊያ ገንዘብ | 77 | 80 | 242 | 354 |

በሁለቱ የወቅት ወራት ወጪው በ10 የሚጨምረው ጊዜያዊ ሻጭ ስለምንቀጥር ነው። ከመዝጊያ ገንዘብ 75 የማይነካ ነው፤ የወር ተኩል ወጪ ይሸፍናል።

የምንጠይቀው ብድር 110 ነው፣ ለሁለት ወር፣ በወር 1.5 በመቶ ወለድ ታስቦ። ክምችቱን በ225 ባንቀንስ ኖሮ ይኸው ወቅት 335 ብድር ይፈልግ ነበር። ያንን ለመጠየቅ ድፍረቱም የለንም።

ነገር ቢበላሽስ? በወቅቱ መጀመሪያ ወር ከዱቤ ይገባል ያልነው 48 ባይገባ፣ መዝጊያው ወደ 32 ይወርዳል፤ ከማይነካው በታች ነው ማለት ነው። ያኔ የመጀመሪያው ርምጃ የባለቤቶችን 15 ማቆም ነው። ሁለተኛው ከቦርሳና ከቀለም ትእዛዝ በእጅ የሚከፈል 30 መቀነስ። ደብተር አይነካም። በሁለተኛው ወር የሚጠበቀው 120 ቢዘገይ ደግሞ ብድሩ ተከፍሎም 122 ይቀራል፤ ያን ያህል አያሳስብም።

ሽያጩ ራሱ ቢቀንስ ምልክቱ ቀድሞ ይታያል። በወቅቱ የመጀመሪያ አሥር ቀናት ከ60 ደርዘን ይልቅ ከ45 በታች ከተሸጠ የ380ው ግዢ ወደ 280 ይወርዳል። ለዚህ እንዲመች ትእዛዙን ለሁለት ከፍለነዋል፤ ሁለተኛው የሚጸናው በ11ኛው ቀን ነው። አከፋፋዩ በዚህ ብዙ ደስ አላላቸውም። ግን እሺ ብለዋል።

ማን ይከታተላል

ወር በገባ በ3ኛው ቀን አራት ቁጥር በአንድ ወረቀት ተጽፎ ካሽ መመዝገቢያው ጀርባ ይለጠፋል፦ የክምችት ቀን፣ ሰው እጅ ያለ ዱቤ፣ ለአከፋፋይ ያለብን፣ የእጅ ገንዘብ። ቆጠራውና የክምችቱ ቁጥር የእኔ ነው፣ የተቀሩት ሦስቱ የሸሪኬ። የክምችት ቀን ሁለት ወር ተከታትሎ ከፍ ካለ አዲስ ዓይነት ዕቃ ወደ ሱቁ አይገባም፤ ናሙናው ቢያምርም፣ ዋጋው ቢረክስም። 60 ቀን የሚለው ግብ የሚለካው ከትምህርት ወቅት በኋላ ባሉት 12 ወራት አማካይ ነው፤ የዘንድሮው አማካይ ገና ከከባዱ ክምችት ስለሚነሳ ከዚያ በላይ ይሆናል።