ይድረስ ለጋሼ፦ ስለ ጓሮው ውሃ

ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም
ሳሪስ፣ አዲስ አበባ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ ደህና ናቸው?

ጉዳዩን በቃል ነግሬዎት ነበር። በር ላይ ቆመን ስናወራ ግን «እሺ፣ እናየዋለን» ተባብለን እንለያያለን፤ ስለዚህ በጽሑፍ ማቅረቡን መረጥኩ። እባክዎ እንዳይቀየሙኝ።

ከመስቀል ወዲህ ጓሮ ያለነው ተከራዮች ውሃ የለንም። የሰፈሩ ውሃ በፈረቃ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በዚያ እርስዎን አልወቅስም። ግን ረቡዕና ቅዳሜ ሌሊት ውሃው ይመጣል፣ ሮቶው ሞልቶ ይፈስሳል፣ ጠዋት ስወጣ ሲሚንቶው ከሮቶው ሥር እስከ ውጭው በር ድረስ ርሶ አየዋለሁ፤ የእኔ ቧንቧ ሲከፈት ግን አየር ብቻ ነው የሚተፋው። ምክንያቱን አብረን አይተነዋል። ወደ ጓሮ የሚወስደው መስመር መክፈቻ ዝጎ ግማሽ ላይ ይቆማል። ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊም ተሰብሯል። የቧንቧ ሠራተኛው ሁለቱም በአንድ ቀን የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው ብሏል።

እስከዚያው በጄሪካን እየገዛሁ ነው። ባለቤቴ አራስ ናት። እትዬ ገንፎ ይዘው ሲመጡ የሕፃኑ ጨርቅ ሳይታጠብ በሳፋ ተቆልሎ አይተዋል፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ያን ቀን ከራሳቸው ቤት ውሃ አስቀድተውልናል። ይሄ ግን በየቀኑ የሚለመን ነገር አይደለም።

ኪራዬን አሳልፌ አላውቅም። የቆጣሪውን ድርሻዬንም፣ ውሃ ባላገኘሁበት ወር ሳይቀር፣ ከፍያለሁ። ወረዳ ባስመዘገብነው ውል ላይም ቤቱን ከነውሃው እንዳከራዩኝ ተጽፏል።

የምጠይቅዎት ይህን ነው። መክፈቻውና ተንሳፋፊው እስከ ኅዳር 15 ይቀየሩልን። እስኪቀየሩ ደግሞ በፈረቃው ሌሊት ከፊት ለፊቱ ቧንቧ በርሜላችንን እንድንሞላ ይፍቀዱልን። አሁን እጅ አጥሮዎት ከሆነ ይንገሩኝ፤ እኔ አሠርቼ ደረሰኙን አመጣለሁ፣ ከታኅሣሥ ኪራይ ይቀነስልኛል፣ ይህንንም በወረቀት እንፈራረማለን።

ባለፈው «ካልተመቸህ ሌላ ቤት ፈልግ» ያሉኝን በንዴት ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ውላችን ግን በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የሁለት ዓመት ነው፣ ጊዜውም ገና ነው፤ አራስ ይዤ ቤት ፍለጋ አልወጣም። እስከ 15 ድረስ መልስ ካላገኘሁ ውሉንና ይህን ደብዳቤ ይዤ ወረዳ ለመሄድ እገደዳለሁ። እዚያ ባንደርስ ደስ ይለኛል፤ በሰላም የኖርንበት ግቢ ነው።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ። ሠራተኛውን ይጥሩትና አብረን እናሠራው።

አክባሪዎ፣
የጓሮው ሁለተኛ ቤት ተከራይ