የቢዝነስ ዕቅዱ ማጠቃለያ፦ ለቡና መቁያ ማሽን የቀረበ የብድር ጥያቄ

በአዲስ አበባ ገርጂ አካባቢ ቡና ቆልተን፣ ፈጭተንና አሽገን እንሸጣለን። ሥራውን በ2012 ዓ.ም የጀመርነው በአንዴ 2 ኪሎ በምትቆላ ማሽን ነው። ዛሬም ያለችን እሷው ናት። ቀኑን ሙሉ ብትሠራም በወር ከ1,000 ኪሎ የተቆላ ቡና በላይ አታወጣም። ገበያ አላጣንም፤ ያጣነው የመቁላት አቅም ነው።

ከባንኩ የምንጠይቀው 3,000,000 ብር ነው። ከዚህ 2,200,000 ብሩ በአንዴ 15 ኪሎ የሚቆላ ማሽን መግዣና መትከያ ይሆናል። ቀሪው 800,000 ብር ጥሬ ቡና መግዣ ነው። አዲስ ምርት በብዛት በሚገባበት ወቅት አከማችተን ካልያዝን፣ ክረምት ላይ በውድ ለመግዛት እንገደዳለን። እኛም 700,000 ብር እናወጣለን፤ ለጭስ ማውጫ፣ ለኤሌክትሪክ መስመርና ለክፍሉ እድሳት።

ደንበኞቻችን 14 ካፌዎች፣ 3 ሆቴሎችና የሰፈር ሱቆች ናቸው። ከሽያጫችን 18 በመቶ በላይ የሚወስድ አንድም ደንበኛ የለም። የይርጋጨፌና የጅማ ቡና ለየብቻ እንቆላለን፤ ካፌዎቹ የሚፈልጉትም ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ጣዕም ነው። የተቆላ ቡና ሲከርም መዓዛው ስለሚጠፋ በየሳምንቱ ትኩሱን እናደርሳለን። ማሽኗ ስላልቻለች ብቻ በወር 1,000 ኪሎ ገደማ ትእዛዝ እየመለስን ነው። ይህ ያንገበግበናል።

ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ 16 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 1,000 ኪሎ ለመሸጥ 1,190 ኪሎ እንገዛለን። ጥሬውን በኪሎ 560 ብር ገዝተን የተቆላውን በአማካይ 950 ብር እናስረክባለን። ኪራይ፣ የ7 ሠራተኞች ደመወዝ፣ መብራት፣ ማሸጊያና ትራንስፖርት በወር 175,000 ብር ይወስዳሉ። ከታክስ በፊት 108,000 ብር ገደማ ይተርፋል። ሽያጩ በወር 2,000 ኪሎ ሲደርስ ወጪው ወደ 290,000 ብር ያድጋል፤ ትርፉ 276,000 ብር ገደማ ይሆናል።

ብድሩን በ4 ዓመት ለመክፈል አስበናል። ከዚያ በፊት ግን ማሽኑ ተተክሎ ሥራ እስኪጀምር ለ3 ወር ወለድ ብቻ እንክፈል። በ17 በመቶ ወለድ ወርሃዊ ክፍያው 86,600 ብር ያህል ነው። ጥሬ ቡና በ10 በመቶ ቢወደድና ዋጋ ባንጨምር እንኳ፣ በወር 143,000 ብር ገደማ ስለሚቀረን ክፍያው አይጓደልም።

ችግራችንንም አንደብቅም። በ2016 ዓ.ም ሁለት ደንበኞች ክፍያ አዘግይተውብን ጥሬ ቡና መግዣ አጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ዱቤ ከ15 ቀን አያልፍም፤ ያለፈበት ደንበኛ አዲስ ጭነት አይወስድም። እስካሁን ያልተከፈለን የቆየ ዱቤ የለም።

ለመያዣ የአንደኛው ባለቤት ካርታ ያለው መኖሪያ ቤትና የሚገዛው ማሽን ቀርበዋል። የ3 ዓመት የሂሳብ መግለጫ፣ የታክስ ክሊራንስና የማሽኑ ፕሮፎርማ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል።