ለሦስቱ መሪ ተዋንያን ያሰብኳቸው ቀለሞችና ልብሶች

ሰላም ብሩክ፣

ስክሪፕቱን አንብቤ ጨርሻለሁ። የጨርቅ ናሙናዎቹንም ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። በቀንም በሻማም እያቸው፤ ሐምራዊው በሻማ ብርሃን ይደበዝዛል።

ታሪካችን በ1862 እ.ኤ.አ. ማንችስተር ውስጥ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተነሳ ጥጥ ጠፍቶ ፋብሪካዎች የሚዘጉበት ጊዜ። ስለዚህ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ኤለን ነው። ሥራ የፈቱ ሠራተኞች ለዳቦ ሲሉ ልብሳቸውን በመያዣ ያስይዙ ነበር። ኤለን ልብስ አትቀያይርም፤ ልብሷ ይቀንሳል። ክፍል አንድ ላይ በኢንዲጎ የተነከረ ሰማያዊ የጥጥ ቀሚስ፣ ሽርጥ፣ ወፍራም የሱፍ ሻል፣ የእንጨት ሶል ያለው ጫማ አላት። መጀመሪያ ሻሉ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ሽርጡ። ቀሚሱን በሦስት ቅጂ እሰፋለሁ፦ አዲስ፣ የነጣ፣ የተጣፈ። ጫማው ድንጋይ ላይ ሲረግጥ ስለሚንኳኳ ለድምፅ ባለሙያው ቀድመህ ንገረው። እኔ ድምፁ ቢቀረጽ ደስ ይለኛል።

ማርጋሬት ባሏ የሞተባት የፋብሪካ ባለቤት ናት። እስከ ክፍል ሦስት ከል ለብሳ ትቆያለች። የማያብለጨልጭ ጥቁር ሱፍ ነው፤ ሐር አይሆንም፣ የብርሃን ነጸብራቅ ለሐዘንተኛ ነውር ነበር። አንተ መጨረሻ ላይ ቀይ ትልበስ ብለሃል። እኔ አልስማማም። ቀይ ለተመልካቹ ሁሉንም ነገር ቀድሞ ያወራበታል። ዊልያም ፐርኪን በ1856 በኬሚካል ያገኘው ሐምራዊ ግን ፈካ ያለ ከሆነ ከከል በኋላ ለሚመጣው ለግማሽ ሐዘን ይፈቀዳል፤ ያኔ ደግሞ ፋሽን ነው። ታዝናለች ወይስ ደስ ብሏታል? ሰው ይከራከርበት።

ሌላ ጣጣ አለ። ቀሚሷ ከሥሩ የብረት ክሪኖሊን ስላለው በጣም ሰፊ ነው። የቀረጻ ቦታውን የሚሠሩት ሰዎች በሮቹን ከመሥራታቸው በፊት ልኬቱን ከእኔ ይውሰዱ። አለበለዚያ ተዋናይቷ በጎን ነው የምትገባው።

ቶማስ ቀላል ነው። የዘመኑ ወንድ ጥቁርና ቡናማ ይበዛበታል፤ ቀለም የሚደፍረው ሰደሪያና ክራቫት ላይ ነው። የቀለም ነጋዴ ስለሆነ የሚሸጠውን ማጀንታ አንገቱ ላይ እናስርለት። ጮክ ያለ ነው፣ አውቃለሁ። ሰውየውም እንደዚያው ነው።

ሦስቱም ላይ ዚፕ አይኖርም፣ ገና አልተፈለሰፈም። መንጠቆና ቁልፍ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለማልበስ በቂ ሰዓት መድብልኝ። ነጭ ሸሚዞቹን ሻይ ውስጥ እነክራቸዋለሁ፣ ካሜራ ላይ ንጹሕ ነጭ ዓይን ይወጋል።

የማርጋሬትን ሐምራዊ እስከ ሐሙስ ወስንልኝ። ሐሩን አርብ ማስነከር እፈልጋለሁ።

ሜሮን
የአልባሳት ዲዛይነር