ትርፍ ያለው ሲፒኦ

ቅዳሜ መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ የደሴ ባንኮች በራቸውን ዘግተው ሠራተኞቻቸው ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ጋሽ ሙሔ ሱቅ ገብቶ አንድ ሲፒኦ ባንኮኒው ላይ አኖረ። ከሁለት ሳምንት በፊት መጥቶ የ300 ቆርቆሮ፣ የፌሮና የሚስማር ፕሮፎርማ አስጽፎ የሄደው ሰው ነበር። ያን ቀን ዋጋ ሳይከራከር መሄዱ ጋሽ ሙሔን ገርሞት ነበር፤ በሕንፃ መሣሪያ ንግድ ዋጋ የማይከራከር ገዢ ብዙ አያጋጥምም።

«ጋሼ፣ መኪናው ውጭ ቆሟል፤ ጫኞችም አሉኝ። ሳይመሽ ብንጭን ደስ ይለኛል» አለ ሰውየው።

ያመጣው ቼክ ቢሆን ኖሮ ጋሽ ሙሔ «ሰኞ ተመለስ» ብሎ ይሸኘው ነበር። ሲፒኦ ግን ባንኩ ገንዘቡን ከደንበኛው ሒሳብ አስቀድሞ ቀንሶ ራሱ ሊከፍል የሚገባው ሰነድ በመሆኑ፣ እንደ ቼክ «በቂ ስንቅ የለውም» ተብሎ አይመለስም፤ ነጋዴም ከጥሬ ብር ለይቶ አያየውም። በእርግጥ ይህ ሁሉ የሚሠራው ወረቀቱን ያወጣው ባንኩ ራሱ ሲሆን ነው።

ጋሽ ሙሔ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ስሙ ከነአያቱ በትክክል ተጽፏል፤ ማኅተሙም ሁለቱ ፊርማዎችም በየቦታቸው ናቸው። የገንዘቡ ልክ ግን 480,000 ብር ይላል።

«ፕሮፎርማው 412,600 ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ ጋሼ፤ መሥሪያ ቤቱ የመኪናና የጫኝ ወጪ አብሮ ስላሠራው ነው። ልዩነቱን 67,400 ብር በጥሬው ይሰጡኛል፤ ሾፌሩን የምከፍለው ከዚያ ነው።»

ነገሩ ያልጣመው እዚህ ላይ ነው። የመኪና ኪራይን በቆርቆሮ ሻጭ ስም አሠርቶ፣ ከዚያው ሻጭ መሳቢያ በጥሬ ብር የሚቀበል መሥሪያ ቤት በሠላሳ ዓመት ንግዱ አላየም። ቢሆንም ሰውን በጥርጣሬ ብቻ ማዋረድ ነውር ነውና፣ «አብሽር፣ አረፍ በል» ብሎ ወንበር ከሰጠው በኋላ፣ ልጁን ከድርን ሻይ እንዲያመጣ ላከው፤ የሲፒኦውንም ቁጥር በፕሮፎርማው ቀሪ ጀርባ ላይ ገለበጠ።

ቁጥሩን ጽፎ ቀኑን ሊያስከትል ሲል እጁ ቆመ። ወረቀቱ ላይ የታተመው 27/09/2024 ነው። ባንክ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሚጽፍ ስለሚያውቅ፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ዞሮ፣ ከእያንዳንዱ ቀን ሥር በደቃቁ የታተሙትን የፈረንጅ ቁጥሮች በጣቱ እየተከተለ ፈለገ። 27ን ያገኘው በቀይ ቀለም ከታተመው 17 ሥር ነበር። መስቀል ነው። በዚያ ዕለት ጎረቤቱ ጫማ ሻጩ እንኳ ሱቁን አልከፈተም፤ ባንክማ በሕዝብ በዓል ሲፒኦ አይሠራም።

«ይህን መቼ አሠራችሁት?»

«ዓርብ ነው፣ አዲስ አበባ። እኔው ራሴ ቆሜ ነው ያሠራሁት።»

«የትኛው ዓርብ?»

ሰውየው ወረቀቱን አየት አድርጎ፣ «ያለፈው ሳምንት ዓርብ» አለ፤ ወዲያውም ስልኩን አውጥቶ፣ «ከተጠራጠሩ የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ ላገናኝዎት፤ ቁጥሩ እኔ ጋ አለ» ሲል ጨመረ።

«አንተ የምትሰጠኝ ስልክ ለእኔ ማረጋገጫ አይሆነኝም፤ በነገራችን ላይ ያ ዓርብ መስቀል ነበር» አለ ጋሽ ሙሔ ድምፁን ሳያነሣ። «ሲፒኦውን ሰኞ ጠዋት ሒሳቤ ያለበት ባንክ አስገባዋለሁ። እነሱ አውጪውን ቅርንጫፍ ጠይቀው ብሩ ሒሳቤ ሲገባ ዕቃህን ትጭናለህ፤ ትርፉንም በሒሳብህ አስተላልፍልሃለሁ። እስከዚያ ቆርቆሮው ለማንም አይሸጥም።»

ሰውየው ስለ ቀኑ አንድም ቃል አልመለሰም። «ሥራ ይስተጓጎልብኛል፣ ሌላ ሱቅ አላጣም» እያለ ወረቀቱን ከባንኮኒው ላይ አንሥቶ አጠፈና ኪሱ ከተተ፤ ከድር ያመጣውን ሻይ ሳይነካ ወደ ፒያሳ አቅጣጫ በእግሩ ሄደ።

በእግሩ መሄዱን ያስተዋለው የአይሱዙው ሾፌር ነው። ጥቂት ጠብቆ ወደ ሱቁ ገባ።

«ጋሼ፣ ሰውዬው የት ሄደ? ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ባዶ መኪና ያስወጣኝ እሱ ነው፤ ኪራዩን እዚህ ስንጭን እሰጥሃለሁ ብሎኝ።»

«ስልኩን ሞክረው።»

ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ጥሪ አይቀበልም። ጋሽ ሙሔ ስልኩን ተቀብሎ የሰውየውን ቁጥር ከሲፒኦው ቁጥር ሥር ጻፈ። ሁለቱንም ወዲያው ለፖሊስ፣ ሰኞ ደግሞ ለባንኩ ሊሰጥ አስቧል፤ የሰውየው ቀጣይ ሱቅ የማን እንደሚሆን አይታወቅምና። ከዚያም ለሾፌሩ፣ «ነገ ሐይቅ የሚደርስ 40 ኩንታል ሲሚንቶ አለኝ፤ ዛሬ ካደረስክልኝ ኪራዩን አሁኑኑ እከፍልሃለሁ። የሱን ዕዳ ግን እኔ አልችልልህም» አለው።

ሾፌሩ ትንሽ አሰበና፣ «ስንት ትከፍለኛለህ?» ብሎ ክርክሩን ጀመረ።